የቅርንፉድ ዘይት ለጥርስ ሕመም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቅርንፉድ ዘይት የጥርስ ሕመምን በእርግጥ ያስታግሳል ወይስ ልማድ ብቻ ነው?

ያስታግሳል። ሻይ ላይ የምንጨምረው ቅርንፉድ ሳይፈካ ተቀጥፎ የደረቀ የዛፍ አበባ እምቡጥ ነው። ከእርሱ የሚወጣው ዘይት አብዛኛው ክፍል፣ ብዙውን ጊዜ ከመቶው ከ70 እስከ 90 ያህሉ፣ ዩጀኖል የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ዩጀኖል ነርቭ የሕመምን መልእክት እንዳያስተላልፍ ለጊዜው ያደነዝዘዋል፤ ሕመምንና ብግነትን የሚያባብሱ የሰውነት ኬሚካሎች መመረታቸውንም ይቀንሳል። የጥርስ ሕክምና ክፍል ሲገቡ አፍንጫዎን የሚቀበለው የታወቀ ሽታም ብዙ ጊዜ የእርሱ ነው፤ ሐኪሞች ዩጀኖልን ከዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ጋር ለውሰው ለጊዜያዊ ሙሌት መጠቀም ከጀመሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ይሁን እንጂ ሐኪሙ የሚጠቀምበት ነገርና ጠርሙስ ውስጥ ያለው ዘይት አንድ አይደሉም። በሐኪሙ ልውስ ውስጥ አብዛኛው ዩጀኖል ከዱቄቱ ጋር ተሳስሮ ስለሚጠነክር የሚለቀቀው በጣም በጥቂቱና በዝግታ ነው፤ የሚቀመጠውም በጸዳና በደረቀ የጥርስ ቀዳዳ ውስጥ እንጂ ድድ ላይ አይደለም። በጠርሙስ የተገዛው ግን ምንም ያላሰረው፣ የነካውን ሁሉ የሚያገኝ ፈሳሽ ነው። ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ለጎረቤቴ ወዲያው ሠራላት፤ እኔን ግን ምንም አልረዳኝም። ለምን?

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ዘይቱ ሳይሆን ሕመሙ የሚነሣበት ቦታ ነው። የጥርስ ውጫዊ ሽፋን ጠንካራና ስሜት የሌለው ነው። ከሥሩ ያለው ሁለተኛው አካል ግን እጅግ ቀጫጭን በሆኑ ቱቦዎች የተሞላ ሲሆን፣ እነዚህ ቱቦዎች በጥርሱ እምብርት ወዳለው ነርቭና የደም ሥር ወዳለበት ለስላሳ ክፍል ያመራሉ። ጥርሱ ተቦርቡሮ ሁለተኛው አካል ከተጋለጠ ዩጀኖል በቱቦዎቹ በኩል በጥቂቱ ወደ ውስጥ ሊዘልቅና ነርቩን ሊያደነዝዝ ይችላል። የጎረቤትዎ ጥርስ ምናልባት እንዲህ ክፍት የሆነ ቀዳዳ ነበረው።

ሕመሙ ከጥርሱ ሥር ጫፍ ላይ ከተጠራቀመ መግል የሚነሣ ከሆነ ግን፣ ከላይ የሚቀባ ዘይት አጥንት ውስጥ ወዳለው ቦታ የሚደርስበት መንገድ የለውም። ይህን ዓይነቱን ሕመም መለየት ብዙ አያስቸግርም፤ ጥርሱ ከሌሎቹ የረዘመ ይመስላል፣ ሲነክሱበት ወይም በጣት መታ ሲያደርጉት ጠልቆ ያማል፣ አንዳንዴም ከጎኑ ያለው ድድ ያብጣል። ቀዳዳው በሁለት ጥርሶች መካከል ተደብቆ ወይም በምግብ ተደፍኖ ሲገኝም ውጤቱ ያው ነው፤ ዘይቱ ድዱን ያቃጥላል፣ ጥርሱ ግን ምንም አላገኘም። እዚህ ላይ ሰዎች የሚሠሩት ስሕተት «አልበቃውም» ብለው መጠኑን መጨመራቸው ነው።

በትክክል የሚደረገው እንዴት ነው?

መጀመሪያ ቀዳዳውን ማጽዳት ያስፈልጋል። አፍዎን በሞቀ ውኃ ደጋግመው ይጉመጥመጡ፤ በጥርሶች መካከል የተቀረቀረ ምግብ ካለ በጥርስ ክር በቀስታ ያውጡት። በስቴኪኒ ጠልቆ መቆፈር ግን ሕመሙን ይቀሰቅሳል። የሚገርመው ነገር፣ የተቀረቀረ ሥጋ ወይም እንጀራ በመውጣቱ ብቻ ሕመሙ የሚጠፋላቸው ሰዎች አሉ።

ቀጥሎ ዘይቱን ያቅጥኑ። አንድ ወይም ሁለት ጠብታ የቅርንፉድ ዘይት በአንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ውስጥ ማደባለቅ ለመጀመር ይበቃል፤ የሱፍም ሆነ የወይራ ዘይት ቢሆን ለውጥ የለውም። በውኃ ማቅጠን አይቻልም፤ ዘይቱ ከውኃ ጋር ስለማይዋሐድ እንዳለ ተንሳፍፎ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ከፋርማሲ የተገዛ፣ ለጥርስ ተብሎ የተዘጋጀ ከሆነ ደግሞ የራሱን መመሪያ ይከተሉ።

ከዚያ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ የጥጥ ድብልብል ሠርተው በድብልቁ ይንከሩና እስከማትንጠባጠብ ድረስ ጨምቀው፣ በንጹሕ ወረንጦ ቀዳዳው ውስጥ ብቻ ያስቀምጧት። ከጥርሱ ጎን ያለውን ድድ አስቀድመው በደረቅ ጥጥ ቢሸፍኑት መልካም ነው። ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ቆይተው ያውጡት፣ ምራቁን ይትፉ፣ አይዋጡት። ማቃጠል ከጀመረ ደቂቃውን መጠበቅ አያስፈልግም፤ ወዲያው አውጥተው በብዙ ውኃ ይጉመጥመጡ። ጥጡን አፍ ውስጥ ይዞ መተኛት ፈጽሞ አይገባም፤ ለምን እንደሆነ ከታች ያለው ምሳሌ ያሳያል።

ጥርስ የሚያድን ነገር ድድን እንዴት ያቃጥላል?

በመጀመሪያ ጥርስን አያድንም፤ ሕመሙን ለጥቂት ጊዜ ይሸፍናል እንጂ። ማቃጠሉን በተመለከተ፣ ዩጀኖል ከፌኖል ወገን የሚመደብ ነው። በቀጭኑ ሲሆን ነርቭን ያደነዝዛል፤ ሳይቀጥን ሲሆን ወይም ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ግን የሕዋሳትን ሽፋን ይጎዳል፣ በውስጣቸው ያለውንም ፕሮቲን ያረጋዋል። የእንቁላል ውኃ በእሳት ሲነካ ነጭ እንደሚሆን ሁሉ የተቃጠለ የአፍ ሥጋም ነጭ የሚሆነው ለዚህ ነው። ተንኮሉ ደግሞ ዘይቱ እያቃጠለ ስሜቱን አብሮ የሚያደነዝዝ መሆኑ ነው፤ ሰውየው ጉዳቱን የሚያውቀው ድንዛዜው ሲለቅ ነው።

በሥራችን ብዙ ጊዜ ከምናያቸው ሁኔታዎች የተውጣጣ አንድ ምሳሌ ልስጥ። አንዲት ሴት ሐሙስ ማታ የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ እንቅልፍ ይነሣታል። ከቅመም መደብር የተገዛ ያልቀጠነ የቅርንፉድ ዘይት ቤት ውስጥ አለ። የአውራ ጣት ጫፍ የሚያህል ጥጥ በዘይቱ አርሳ በጉንጯና በድዷ መካከል ሰክታ ትተኛለች። በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ያቃጥላታል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ይደነዝዛል፣ እንቅልፍም ይወስዳታል። ጥጡ ግን አልተኛም፤ ሌሊቱን ሙሉ ዘይቱን ለጉንጭና ለድድ እየመገበ ያድራል።

ዓርብ ጠዋት በመስታወት ስታይ ጥጡ በነበረበት ቦታ ልክ፣ ጠርዙ የተቆረጠ የሚመስል፣ የተጨማደደ ነጭ ነገር ታገኛለች። በምላሷ ስትነካው ሻካራ ነው፣ ስትጎትተው እንደ ስስ ልጣጭ ይነሣል፣ ከሥሩም የሚደማ ቀይ ቁስል ይወጣል። «መግል ነው» ብላ ታስባለች፤ ስለዚህ ዓርብ ማታ ዘይቱን ትደግመዋለች። ቅዳሜ ሕመሙ የጥርሱ ይሁን የቁስሉ መለየት አትችልም፣ በርበሬ የነካው ምግብ አይቀመስም፣ በዚያ በኩል መቦረሽም አቁማለች። ሰኞ ሐኪም ሲያያት ቀዳዳው በጥርሱ የኋላ ጎን ነበር፤ በምግብ ተደፍኖ ስለነበር ከዚያ ሁሉ ዘይት አንዲት ጠብታ እንኳ አልደረሰችውም። በአንድ ጥርስ ሕመም ሁለት ሕመም ይዛ መጣች ማለት ነው።

ነጩ ነገር ቃጠሎ ይሁን መግል በምን ልለይ? ቃጠሎ ከሆነስ ምን ላድርግ?

የቃጠሎ ነጭ ጠፍጣፋ ሽፋን ነው፤ ቅርጹ ዘይቱ ወይም ጥጡ የነካውን ቦታ ይከተላል፤ የሚታየውም ከተጠቀሙ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ነው። መግል የቋጠረ ድድ ግን ክብ ሆኖ ያብጣል፣ ሲነኩት ለስላሳና የሚያም ነው፣ ሲፈነዳም መጥፎ ጣዕም ያለው ፈሳሽ ይወጣል። ጥርጣሬ ካለ ሐኪም አይቶ በደቂቃ ይለየዋል።

ቃጠሎ ከሆነ ዘይቱን ጨርሶ ያቁሙ። ነጩን ልጣጭ አይላጡት፤ ከሥሩ ያለውን ቁስል የሚሸፍነው እርሱ ነው፣ ጊዜው ሲደርስ በራሱ ይነሣል። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ አሟሙተው በቀን ሦስት አራት ጊዜ መጉመጥመጥ ቁስሉን ያጸዳል። ትኩስ መጠጥ፣ በርበሬ፣ ሎሚና አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ ለጥቂት ቀናት ይቅሩ። ቀላል ቃጠሎ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይድናል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያልዳነ የአፍ ቁስል ግን መነሻው ቃጠሎ ነው ተብሎ ቢታመንም እንኳ ለሐኪም መታየት አለበት።

ዘይቱን ትቼ ፍሬውን ብጠቀምስ? ነጭ ሽንኩርት፣ አረቄ ወይም አስፕሪንስ?

ደረቁ ፍሬ ከዘይቱ ይልቅ ለጉዳት ያን ያህል አያጋልጥም፤ በውስጡ ያለው ዘይት ከክብደቱ ከአምስት አንድ እጅ ያህል ቢደርስ ነው፣ የሚወጣውም በምራቅ እየራሰ በዝግታ ነው። አንድ ፍሬ በታመመው ጥርስ አጠገብ ለጥቂት ደቂቃ ይዞ መትፋት ይቻላል። በተሰነጠቀ ወይም በተቦረቦረ ጥርስ ግን አይንከሱት፤ የደረቀ ቅርንፉድ ጠንካራ ስለሆነ የሳሳውን ግድግዳ ሊሰብረው ይችላል። የተፈጨውን ድድ ላይ ደፍኖ ማደርም ከዘይቱ ጥጥ ብዙም አይለይም።

የተላጠ ነጭ ሽንኩርትም ሆነ የአስፕሪን ክኒን ድድ ላይ ሲቀመጥ ያው ነጭ ቃጠሎ ያመጣል። አስፕሪን የሚሠራው ተውጦ በደም ውስጥ ሲዘዋወር ነው፤ ድድ ላይ ሲቀመጥ አሲድ ብቻ ነው። አረቄ ይዞ መቆየት ለጊዜው ያደነዝዛል፣ ቅርንፉድ ካቃጠለው ቦታ ላይ ሲጨመር ግን ቁስሉን ያሰፋዋል። እነዚህን እያደባለቁ መጠቀም በተለይ መጥፎ ነው።

ለስንት ቀን ልጠቀምበት እችላለሁ?

ሐኪም ዘንድ እስኪደርሱ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን፣ በቀን ከሦስት አራት ጊዜ ሳይበልጥ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚዋጥ ማስታገሻ ከዘይቱ ይልቅ አስተማማኝ መሆኑን መናገር ተገቢ ይመስለኛል። ለአዋቂ ሰው 400 ሚሊግራም አይቡፕሮፌን ከምግብ ጋር፣ ወይም ከ500 እስከ 1000 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ለጥርስ ሕመም የታወቀ ማስታገሻ ነው፤ ሁለቱን አብሮ መውሰድም ይቻላል። ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4000 ሚሊግራም ሊያልፍ አይገባም፤ ጉበቱ የታመመ ሰው ወይም ብዙ የሚጠጣ ሰው ከዚህም በታች ያስፈልገዋል። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት፣ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውና ነፍሰ ጡር ሴት አይቡፕሮፌንን ሐኪም ሳይጠይቁ መውሰድ የለባቸውም።

ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ጠፋልኝ። አሁንም ሐኪም ዘንድ መሄድ አለብኝ?

አለብዎት፤ ምናልባትም ከበፊቱ ይበልጥ። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ለሰከንዶች ብቻ ሽምቅቅ የሚያደርግ ጥርስ ነርቩ ገና ሕያው ነው፤ ተጠርቦ ቢሞላ ይተርፋል። ምክንያት ሳይኖር በራሱ የሚነሣ፣ ትኩስ ሲነካው ለረጅም ደቂቃዎች የሚጠዘጥዝ፣ ሌሊት ጋደም ሲሉ የሚብስ ሕመም ደግሞ ነርቩ ከማይመለስበት ደረጃ መድረሱን ያመለክታል። ይህ ሕመም ለቀናት ቆይቶ በድንገት ጸጥ ካለ፣ ሰዎች ዘይቱን ያመሰግናሉ፤ ብዙ ጊዜ የሆነው ግን ነርቩ መሞቱ ነው። የሞተ ነርቭ አያምም። ባክቴሪያው ግን ባዶ የቀረውን የጥርስ ቦይ ተከትሎ ወደ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል፣ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላም በእብጠት መልክ ብቅ ይላል።

በመጀመሪያው ደረጃ በአንድ ቀጠሮ ተሞልቶ የሚያበቃ ጥርስ በሁለተኛው የሥር ሕክምና፣ በሦስተኛው ብዙ ጊዜ መነቀል ይጠብቀዋል። ወጪው በዚያው መጠን ያድጋል።

ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቼ ብወስድ አይሻልም?

ነርቩ ተቆጥቶ ብቻ ለሚያም ጥርስ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሕመሙን አይቀንስም። የሞተ ነርቭ ባለበት ጥርስ ውስጥ ደግሞ የደም ዝውውር ስለሌለ መድኃኒቱ ወደ መነሻው አይደርስም፤ እብጠቱን ጋብ ያደርግና ክኒኑ ሲያልቅ ይመለሳል። መድኃኒቱ የሚያስፈልገው ኢንፌክሽኑ ሲስፋፋ፣ ትኩሳትና የፊት እብጠት ሲኖር ነው፤ ያኔም ጥርሱን ከማከም ጋር እንጂ በምትኩ አይደለም።

ለልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ሌላ መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ይሆናል?

ለሕፃናት የቅርንፉድ ዘይት አይሰጥም፤ ጥርስ ሲያበቅሉ ድዳቸው ላይ መቀባትም ልክ አይደለም። ሕፃን ልጅ ከ5 እስከ 10 ሚሊሊትር ብቻ ጠጥቶ ራሱን ስቶ፣ የሰውነት መንቀጥቀጥና ከባድ የጉበት ጉዳት እንደደረሰበት በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል፤ ይህ ከአንድ እስከ ሁለት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ትንሿ ጠርሙስ ሙሉ መጠኑን ትይዛለች፤ ስለዚህ ከሻይ ቅመም ጋር ሳይሆን ተቆልፎ ይቀመጥ። ልጅ ከጠጣ እንዲያስታውክ ለማድረግ አይሞክሩ፤ ጠርሙሱን ይዘው ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ነፍሰ ጡር ሴት በምግብ ውስጥ ያለው ቅርንፉድ አያሳስባት፤ ዘይቱን ግን ሐኪም ሳታማክር ባትጠቀም ይሻላል። የጥርስ ሕክምና ራሱ በእርግዝና ጊዜ ይቻላል። እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ይቆጠቡ፤ ዩጀኖል የደምን መርጋት ሊያዘገይ ይችላል። ቀደም ሲል ሽቶ ወይም ቅመም ነክቷቸው ቆዳቸው የተቆጣ ሰዎች ለዩጀኖልም አለርጂ ሊኖራቸው ይችላል።

ጥርሴን ከተነቀልኩ በኋላ ቁስሉ ቢያመኝስ?

ከተነቀለ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ የሚብስና ወደ ጆሮ የሚሰራጭ ሕመም ብዙ ጊዜ የረጋው ደም ከጉድጓዱ በመነሣቱ አጥንቱ ሲጋለጥ ነው። ሐኪሙ ጉድጓዱን አጥቦ ዩጀኖል ያለበት መሸፈኛ ሊያደርግ ይችላል፤ ይህን አይተው ግን ቤት ውስጥ ዘይት አያፍስሱበት። ወደ ነቀለልዎት ሐኪም ይመለሱ።

ቀጠሮ መጠበቅ የማይገባኝ መቼ ነው?

እብጠቱ ከድድ አልፎ ወደ ፊት፣ ወደ ዓይን ወይም ከአገጭ በታች ሲወርድ፤ አፍ እንደልብ አልከፈት ሲል፤ ምራቅ ለመዋጥ ሲያስቸግር፤ ምላስ ወደ ላይ የተገፋ ሲመስልና ድምፅ ሲለወጥ፤ ወይም ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲል። ከአገጭ በታች በሁለቱም በኩል ጠንክሮ የሚያብጥ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ መተንፈሻን ሊዘጋ ይችላል። በዚህ ሁኔታ የሚሄዱት ወደ ጥርስ ክሊኒክ ሳይሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው፤ ሌሊትም ቢሆን።

ዘይት እንደተጠቀምኩ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልገኛል? እንዳይቆጣኝ እፈራለሁ።

ይንገሩት፤ ቁጣው ቢኖርም አጭር ነው፣ መረጃው ግን ለሥራው ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ የደነዘዘ ነርቭ በቅዝቃዜ ሲፈተሽ ከእውነተኛ ሁኔታው የተለየ መልስ ሊሰጥ ስለሚችል ጠዋት ቀጠሮ ካለዎት ከዚያ በፊት ባለው ጊዜ ዘይቱን አይጠቀሙ። ሁለተኛ፣ ነጩ የድድ ቃጠሎ ሌላ በሽታ መስሎት ጊዜ እንዳያጠፋ ይረዳዋል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው፤ ዩጀኖል ነጩ የጥርስ መሙያ በብርሃን ሲደርቅ በሚገባ እንዳይጠነክር ያደርጋል። ሐኪሙ ቀዳዳው ውስጥ ዘይት መግባቱን ካወቀ የነካውን ንጣፍ አንሥቶ በደንብ ያጥበዋል፣ ወይም ለዚያ ቀን ጊዜያዊ ሙሌት አድርጎ ዋናውን ለሌላ ቀጠሮ ያቆየዋል።